በቀን ሁለት በመቶ፦ በባለ ሣጥን ደብተር የሠራነው ሒሳብ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አብዛኛውን ጊዜ ደሴ፣ ጥቂት ዓመት ደግሞ ኮምቦልቻ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው ስለ ገንዘብ መጠየቁን አልተወኝም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ግን አንድ ጥያቄ በዛብኝ። "ጋሼ፣ በቀን ሁለት በመቶ የሚከፍል አፕ አለ፣ ልግባ?" ይሉኛል። ስሙ ይለያያል። አንዱ ወርቅ እንነግዳለን ይላል፣ ሌላው ክሪፕቶ፣ ሌላው ቪዲዮ ላይክ እያደረጋችሁ ትከፈላላችሁ ይላል። ሒሳቡ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ በየቡናው ከምደግመው አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ነው። ደሴ እንደልማዷ በጉም ተሸፍና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የእህቴ ልጅ ማታ መጣች። ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ዕቃ ስትገዛ አንድ ብር የማታሳልፍ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ሂሳቧ ላይ 137 ሺህ ብር ገደማ ይላል። "ዊዝድሮው ስል ግን እምቢ አለኝ። መጀመሪያ የሂሳቡን 15 በመቶ ግብር ክፈይ ይላል። ሃያ ሺህ ብር ገደማ ነው። ታበድረኛለህ?" አለችኝ።

አላበደርኳትም። ከመሳቢያ ባለ ሣጥን ደብተር አወጣሁና "ነይ፣ አብረን እንሥራው" አልኳት።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ከአፏ አስቆጠርኳት። በጓደኛዋ ሊንክ ገባች፣ 10 ሺህ ብር አስገባች። በየቀኑ 200 ብር ይገባላታል። በአሥራ አምስተኛው ቀን የጠራቀመውን 3 ሺህ ብር አወጣች። ገንዘቡ በደቂቃ ውስጥ ስልኳ ገባ። እዚህ ላይ ነው ያመነችው። ከዚያ የሠርጓን ወርቅ ሸጣ 50 ሺህ ጨመረች፣ ሂሳቧ 60 ሺህ ሆነ። "ቪአይፒ" ሆነች። በየቀኑ የሚገባውንም ሳታወጣ እዚያው እንዲወልድ ተወችው። አርባ ቀን። በመሀል አራት ሰው አስገባች፣ እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ይዘው። በአንድ ሰው አንድ ሺህ ብር ኮሚሽን ተጻፈላት።

እስቲ ልብ በሉ። ያስገባችው ጥሬ ገንዘብ 60 ሺህ ነው። እጇ የገባው 3 ሺህ ነው። ሌላው ሁሉ ስክሪን ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው።

"ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኳት። "ነግደው ነው" አለች። እሺ፣ ከዚያ እንጀምር አልኩ።

በቀን ሁለት በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ሰው አይገባውም፤ ሁለት ትንሽ ቁጥር ስለሆነች። ባንክ በቁጠባ ሂሳብ በዓመት 7 በመቶ ሲከፍል ለ10 ሺህ ብር በዓመት 700 ብር ነው። እነዚህ ሰዎች ትርፉን በየቀኑ ብታወጡት እንኳ በዓመት 73 ሺህ ብር እንሰጣለን እያሉ ነው። ከባንኩ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሳታወጡ እዚያው ብትተዉት ደግሞ ሁለት በመቶው በሁለት በመቶው ላይ እየወለደ 10 ሺህዋ ብር በዓመቱ 13 ሚሊዮን 770 ሺህ ትሆናለች። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 19 ቢሊዮን ገደማ። በሦስተኛው 26 ትሪሊዮን። የ2018 የፌዴራል መንግሥት በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። አንዲት የሸዋ በር ልብስ ነጋዴ በሦስት ዓመት የአገሪቱን በጀት ከአሥራ ሦስት ጊዜ በላይ የሚሸፍን ብር ይኖራታል ማለት ነው።

ይህን ስነግራት ዝም አለች። ቀጥዬ ጠየቅኳት። በቀን ሁለት በመቶ በርግጠኝነት ማትረፍ የሚችል ሰው ካለ፣ ያንቺን 10 ሺህ ብር ምን ያደርግለታል? ቤቱን አስይዞ አንድ ጊዜ ይበደርና ዓመት ሳይሞላ ባንኩን ራሱን ይገዛዋል። ባቲ ሰኞ ገበያ ፍየል የሚነግድ ሰው ጥሩ ሳምንት ላይ ደህና ያተርፋል፣ መጥፎ ሳምንት ላይ ይከስራል። ማንም ነጋዴ ማክሰኞም፣ በዓልም፣ መንገድ ሲዘጋም እኩል ሁለት በመቶ አያገኝም። እኩል የሆነ የዕለት ትርፍ ያለበት ንግድ አይቼ አላውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የነጋዴ ሂሳብ አይቻለሁ።

እዚህ ጋ ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር ወለድ የሚጸየፍ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ይህንን ስለሚያውቁ "ይህ ወለድ አይደለም፣ የንግድ ትርፍ ነው" ብለው ያስገቡታል። የንግድ ትርፍ የሚባለው ግን ኪሳራውንም አብሮ የሚካፈሉት ሲሆን ነው። ዋናው ገንዘብ አይነካም፣ ትርፉም በየቀኑ የተወሰነ ነው ከተባላችሁ፣ የቀረበላችሁ ነገር ስሙ ምንም ይሁን ንግድ አይደለም።

እንግዲህ ንግድ ከሌለ ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። አዲስ ከሚገባው ሰው። ደብተሩ ላይ የሠራነው ይህንን ነው፣ እናንተም እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

አንድ ካዝና አለ እንበል። በየቀኑ አሥር አዲስ ሰው ይገባል። እያንዳንዱ 10 ሺህ ብር ይዞ። ስለዚህ በቀን 100 ሺህ ብር ካዝናው ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ አባል ከገባበት ማግስት ጀምሮ በየቀኑ 200 ብር ይከፈለዋል። ለጊዜው ባለቤቶቹ መላእክት ናቸው፣ አንድ ሳንቲም አይነኩም እንበል።

በሁለተኛው ቀን የሚከፈላቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ናቸው። 2 ሺህ ብር። ገቢው 100 ሺህ። ካዝናው ይሞላል። በአሥራ አንደኛው ቀን መቶ ሰው ይከፈለዋል፣ 20 ሺህ ብር። አሁንም ገቢው 100 ሺህ። ሁሉም ሰው በሰዓቱ ይከፈለዋል። ይህ ጊዜ ነው ሰው የከፈለኝን እዩ እያለ የስልኩን ስክሪንሹት ግሩፕ ላይ የሚለጥፈው። ውሸቱን አይደለም። በእርግጥ ተከፍሎታል። ችግሩ የተከፈለው ከሱ በኋላ የገባው ሰው ዋና ገንዘብ መሆኑ ነው።

በሃምሳ አንደኛው ቀን አምስት መቶ ሰው ይከፈለዋል። 100 ሺህ ብር። ገቢውም 100 ሺህ ብር። እኩል ሆነ። በዚህ ቀን ካዝናው ውስጥ 2 ሚሊዮን 550 ሺህ ብር አለ። ከዚህ በላይ አይኖርም። ከውጭ የሚያይ ሰው ግን ነገሩ የደረጀ የሚመስለው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ አምስት መቶ ምስክር አለው፣ ማንም አንድ ቀን አልቀረበትም።

ከሃምሳ ሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣል። መጀመሪያ በ2 ሺህ፣ በማግስቱ በ4 ሺህ፣ እንዲህ እያለ። በመቶ አንደኛው ቀን አንድ ሺህ ሰው 200 ሺህ ብር ይከፈለዋል፣ የሚገባው ግን ያው 100 ሺህ ነው። በዚያ ቀን ማታ ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ ስንት ነው? ዜሮ። ቁጥሩን አስልታ የደረሰችበት እሷ ራሷ ናት። የገባው በሙሉ 10 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ የወጣው በሙሉ 10 ሚሊዮን 100 ሺህ። በማግስቱ የሚከፈለው 202 ሺህ ነው፣ ያለው የዕለቱ አሥር ሰዎች ያመጡት 100 ሺህ ብቻ ነው።

ማን አተረፈ? 10 ሺህ ብሩን ለመመለስ ሃምሳ ቀን መከፈል ያስፈልጋል። ስለዚህ እስከ ሃምሳ አንደኛው ቀን የገቡት 510 ሰዎች ቢያንስ ገንዘባቸውን አግኝተዋል። በኋላ የገቡት 500 ሰዎች ጎድለዋል። በመጀመሪያው ቀን የገባው 20 ሺህ ብር ወሰደ፣ 10 ሺህ አተረፈ። በመጨረሻው ቀን የገባው አንድ ብር አላገኘም፣ 10 ሺህ አጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው፣ ልክ በብሩ ልክ። በመሀል ምንም አልተመረተም፣ ምንም አልተሸጠም። ሁለቱ ሰዎች ምናልባት አንድ ሰፈር ናቸው። ምናልባትም ሊንኩን የላከለት እሱ ነው።

ይህ እንግዲህ ባለቤቶቹ መላእክት ከሆኑ ነው። አሁን ከሚገባው ሃያ በመቶ ይወስዳሉ እንበል። በቀን 20 ሺህ። ካዝናው በመቶ አንደኛው ቀን ሳይሆን በሰማንያ አንደኛው ቀን ባዶ ይሆናል። ገንዘባቸውን ያስመለሱት ከ510 ወደ 310 ሰው ይወርዳሉ። የተጎዱት ግን ያው 500 ናቸው። ባለቤቶቹ 1 ሚሊዮን 620 ሺህ ብር ይዘው ይሄዳሉ። እነሱ መቼ መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ይህን ደብተር እነሱም ሠርተውታል። ደግሞ ካዝናው ዜሮ እስኪሆን ለምን ይጠብቃሉ? ብልጡ ሰው ካዝናው ከፍ ባለበት ቀን ነው የሚዘጋው። ስለዚህ መዘጋቱ ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር አማን በሆነበት ሳምንት ነው የሚመጣው፤ ሊዘጋ ሲል አውቄ እወጣለሁ የሚል ሰው ይህንን አልቆጠረም።

የእህቴ ልጅ ግን ዝም ብላ የምትቀበል አይደለችም። "ጋሼ፣ በየቀኑ አሥር ሰው ብቻ ለምን ይገባል? ሰው እየጨመረ ነው የሚሄደው። ግሩፑ በአንድ ወር እጥፍ ሆኗል" አለችኝ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ መቶ አባል በቀን የሚከፈለው የሁለት ሰው መግቢያ ነው። መቶ ሲባዛ 200፣ 20 ሺህ ብር። ስለዚህ ካዝናው እንዳይጎድል ለእያንዳንዱ መቶ አባል በየቀኑ ሁለት አዲስ ሰው መግባት አለበት። መቶ ካሉ ሁለት፣ ሺህ ካሉ ሃያ፣ መቶ ሺህ ካሉ ሁለት ሺህ ሰው። በየቀኑ። በዚህ ፍጥነት አባሉ በሠላሳ አምስት ቀን እጥፍ ይሆናል። ያቺ ግሩፕ እጥፍ ሆነች ያለችው የጤንነት ምልክት አይደለም፣ ለመቆየት የግድ መከፈል ያለበት ዋጋ ነው።

መቶ ሰው ይዘን እንጀምር። በሠላሳ አምስት ቀን 200፣ በሰባ ቀን 400። በ350 ቀን፣ ማለትም ዓመት ሳይሞላ፣ 102 ሺህ ሰው ገደማ። ሌላ 350 ቀን ጨምሩበት። 105 ሚሊዮን ሰው ገደማ። ሕፃኑንም፣ ሽማግሌውንም፣ ስልክ የሌለውንም ጨምራችሁ የኢትዮጵያን ሕዝብ አብዛኛውን በሁለት ዓመት ጨረሳችሁት። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሠላሳ አምስት ቀን ደግሞ ሌላ ያንን ያህል ሰው ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? ሰው ማለቁ ግን እዚያ ድረስ አይጠብቅም። የምታውቁት ሰው ሁሉ ወይ ገብቷል ወይ እምቢ ብሏል የምትሉበት ቀን አለ አይደል? ለያንዳንዱ አባል ያ ቀን ሲደርስ ነው የሚሰበረው።

አሁን የምነግራችሁን ራሴም ስሠራው አሳዝኖኛል። በፍጥነት ማደጉ ተጎጂውን ያበዛዋል። በየቀኑ እኩል አሥር ሰው ሲገባ ግማሹ ገደማ ነበር የተጎዳው። በየሠላሳ አምስት ቀኑ እጥፍ የሚሆን ግሩፕ ውስጥ ግን በማንኛውም ቀን ብታቆሙት አብዛኛው አባል አዲስ ነው። ከመቶው ስልሳ ሦስቱ ሃምሳ ቀን አልሞላቸውም፣ ማለትም ዋናቸውን አልመለሱም። ስለዚህ "ስንት ሰው ገብቶበታል!" የሚለው ወሬ ሲበዛ፣ የሚበላው ሰው ድርሻም እየበዛ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ገንዘቧ ስክሪን ላይ መቆየት ተነጋገርን። እሷ በየቀኑ ያላወጣችው እንዲወልድ ብላ ነው። ለካዝናው ግን ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አባላቱ በሙሉ ካላወጡ በቀን የሚወጣ ገንዘብ የለም፣ ስለዚህ መክሰሩ አይታይም። ለዚህ ነው "አታውጣ፣ ቪአይፒ ትሆናለህ" የሚሏችሁ። ዕዳው ግን ይወልዳል። የእሷ 60 ሺህ በአርባ ቀን 132 ሺህ ተብሎ ተጻፈ፣ ከኮሚሽኑ ጋር 137። ይህን ቁጥር የጻፈው ሰው ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ከመቀየር በቀር የከፈለው ነገር የለም። ባንክ ውስጥ ስንሠራ ማታ ማታ ካዝናው ውስጥ ያለው ብር መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ማንም ቤቱ አይሄድም ነበር። እነዚህ ሰዎች ጋ መዝገብ ብቻ ነው ያለው።

ሲጠጋ ምን እንደሚመስልም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ሲያንስ ሁለት ነገር ብቻ ነው ማድረግ የሚቻለው፦ የሚገባውን መጨመር ወይም የሚወጣውን ማዘግየት። "በዓልን ምክንያት በማድረግ ዛሬና ነገ ለሚያስገባ ሃምሳ በመቶ ቦነስ" ሲሉ የመጀመሪያው ነው። ትርፍ ያለበት ሰው ለምን ዕዳውን በሃምሳ በመቶ ያሳድጋል? ጥሬ ብር ስለጠፋው ነው። ማውጣት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ፣ ዝቅተኛው ማውጫ ከ500 ወደ 5 ሺህ ከፍ አለ፣ "ሲስተም እየተሻሻለ ነው፣ ሰባ ሁለት ሰዓት ጠብቁ" ሲባል ሁለተኛው ነው። የመጨረሻው ደግሞ የእህቴ ልጅ የመጣችበት ነው፤ ገንዘብህን ለማውጣት መጀመሪያ ገንዘብ ክፈል። ግብር በሉት፣ ማረጋገጫ በሉት፣ የማስከፈቻ ክፍያ በሉት። በእርግጥ ግብር ቢሆን ኖሮ ከ137 ሺህው ላይ ቆርጠው ቀሪውን ይልኩላት ነበር። የማይቆርጡት ቁጥሩ ገንዘብ ስላልሆነ ነው። ከባዶ ላይ አይቆረጥም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን ሃምሳ በመቶ እከፍላለሁ አለ። ሲካፈል በቀን 1.1 በመቶ ገደማ ነው፤ የእህቴ ልጅ አፕ ከሱ በእጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው። ገንዘቡን ከአገር አገር የፖስታ ምላሽ ኩፖን፣ ማለት በሌላ አገር በቴምብር የሚለወጥ ወረቀት፣ እየገዛሁ እየሸጥኩ ነው የማገኘው ይል ነበር። ኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ለሰበሰበው ገንዘብ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልጋል፣ በዓለም ላይ የሚዘዋወረው ግን 27 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ታሰረ። ይህን ሁልጊዜ የምናገረው ለዘዴው ነው። የሚሉትን ንግድ ተቀበሉና ቁጠሩት። ወርቅ ነው? ስንት ኪሎ? ከማን ገዝቶ ለማን ሸጠ? በስንት?

ወዲህ ደግሞ በርናርድ ማዶፍ አለ፣ ኒውዮርክ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ተያዘ፣ 150 ዓመት ተፈረደበት። እሱ በወር አንድ በመቶ ገደማ ነበር የሚያሳየው። በቀን አይደለም፣ በወር። ለዚህ ነው ለብዙ ዓመታት የቆየው። ዝቅ ያለ ተስፋ የሚጠይቀው አዲስ ገንዘብ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። በቀን ሁለት በመቶ ያለ ሰው ግን ዕድሜው በወራት እንደሚቆጠር ራሱ ነግሯችኋል።

"ግን እቁብም እኮ እንዲሁ ነው፣ ከሰው ለሰው" አለችኝ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን "ዲጂታል እቁብ" ብለው ስለሚጠሩ ነው። ይህ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ። እናቷ፣ ማለት እህቴ፣ የሱቁን ኪራይ የጀመረችው በእቁብ ነው። ሃያ ሰው በሳምንት ሺህ ሺህ ብር ቢጥል ዕጣው 20 ሺህ ነው፣ በሃያ ሳምንት ያልቃል። እያንዳንዱ 20 ሺህ ይጥላል፣ እያንዳንዱ 20 ሺህ ይወስዳል። ማንም አይጨምርም፣ ማንም አይቀንስም። የሚለየው መቼ እንደሚደርሰው ብቻ ነው። አዲስ ሰው እንዲገባ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መሀል ላይ የሚመጣን ሰው ቀጣዩን ዙር ጠብቅ ይሉታል። ዳኛውን ታውቁታላችሁ፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ፣ ቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ይጠራል። እቁብ ላይ ማንም ሰው ትርፍ ቃል አይገባላችሁም። ለዚህ ነው አዲስ ሰው ስለጠፋ የማይፈርሰው።

"ፈቃድ አለው፣ አይቼዋለሁ" የሚል ካለ ደግሞ የትኛው ፈቃድ ብላችሁ ጠይቁ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ሱቅም ያወጣዋል። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብ የሚቻለው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሲኖር ነው። ኢንቨስትመንት ብሎ ሰነድ ለሕዝብ መሸጥ ደግሞ በአዋጅ 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው የሚመለከተው። ሁለቱም ጋ ስሙ ከሌለ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ወረቀት ስለ ገንዘባችሁ ምንም አይናገርም።

ሌሊቱ ሲገፋ ዝናቡም አባራ። የእህቴ ልጅ ደብተሩን ዘግታ "ሃያ ሺህውን አልከፍልም" አለች። ቀጥላ ግን ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። "ያስገባኋቸው አራቱ ሰዎች ስንተኛ ቀን ላይ ነው የገቡት?"

ቆጠርነው። አራቱም ከሃምሳ ቀን በታች ናቸው። አንዷ ገብታ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ብታወጣ ኖሮ 2,400 ብር ይደርሳት ነበር፣ ግን እሷም እንዲወልድ ብላ አላወጣችም። የሰፈር የቡና ጓደኛዋ ናት፣ በእሷ ቃል ብቻ ነው የገባችው።

በማግስቱ ጠዋት ለአራቱም በየቤታቸው ሄዳ ነገረቻቸው። በስልክ አልነገረቻቸውም። ሁለቱ ተቆጧት። አንዱ አላመናትም፣ "ቀንተሽ ነው" አላት፤ አፑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ግሩፑ ሲዘጋ ነው የደወለላት። ከዚያም አንድ ቀን ሳይቆይ ለሁሉም በቴሌግራም መልእክት መጣላቸው፤ "ጠበቆች ነን፣ ገንዘባችሁን እናስመልሳለን፣ የመዝገብ መክፈቻ 3 ሺህ ብር ላኩ" የሚል። ስልካቸውንና የጠፋባቸውን ልክ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ማን ነው? ዝርዝሩ ያለው ካዝናውን ይዞ የሄደው ሰው ጋ ብቻ ነው። እኔ ጋ ስላመጡት ማንም አልላከም። ያላቸውን የክፍያ ደረሰኝና የግሩፑን ጽሑፍ ሰብስበው ለፖሊስ አመለከቱ። የገባበት የሂሳብ ቁጥር ያለበትን ባንክም በዚያው ቀን አሳወቁ፤ ይህ ፈጥኖ ከሆነ ብቻ ነው ጥቅም የሚኖረው፣ ብሩ ሂሳብ ላይ አያድርም።

የሸጠችውን ወርቅ አልመለሰችውም። ለቡና ጓደኛዋ ግን የ10 ሺህውን ዕዳ በራሷ ላይ ቆጥራዋለች። ማንም አላስገደዳትም። በየወሩ ከሱቁ 500 ብር ትሰጣታለች። ባለፈው ሳምንት ስጠይቃት 7,500 ቀርቷል አለችኝ፣ ያንኑ ባለ ሣጥን ደብተር አውጥታ እያሳየችኝ።